የጥንካሬ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሰኞ ሰኞ ለምን ይወርዳል?

ተማሪዎቼ ብረት የሚያነሱበት ክበባችን በጥቅምት ሥራ ሲጀምር የነበረው ንብረት 2 ብረት፣ አንድ ዱካና አንድ ደብተር ነበር። ብረት ስል የሱቅ ዕቃ እንዳይመስላችሁ። የውሃ ቧንቧ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ የቀለም ጣሳ ገብቶበት፣ ጣሳው በሲሚንቶና በአሸዋ ተሞልቷል። አንዱን «ትንሹ»፣ ሌላውን «ትልቁ» አልናቸው።

ስለ ደብተሩ ነው በዋናነት የምጽፈው። መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ቀን፣ እንቅስቃሴ፣ ክብደት፣ ሴት፣ ድግግሞሽ። ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራውን በጂም ቋንቋ «ሴት» ይሉታል። «3 ሴት» ብዬ ስጽፍ ሳቁ አላስተምር አለኝ። በዚያው ቀን ሰርዤ «ዙር» አልኩት። እስከ ዛሬም ዙር ነው።

የክብደቱ ዓምድ ግን ለአንድ ወር ያህል ከንቱ ነበር። ልጆቹ «ትንሹ» ወይም «ትልቁ» ብለው ይሞሉታል። በትንሹ ብረት 12 ጊዜ ስኳት፣ ማለትም ብረቱን ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳትን፣ የሚሠራ ልጅ ትልቁን ሲሞክር 4 ላይ ይቀራል። ተመልሶ ትንሹን ያነሳል። በሳምንቱ ያው ነው። ብረቶቹን በጋሪ ጭነን ወፍጮ ቤት ወሰድናቸው። ባለ ወፍጮው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዱቄት ይወጣዋል?» አለን። ትንሹ 18 ኪሎ፣ ትልቁ 27 ኪሎ ሆኑ። ልዩነቱ 9 ኪሎ፣ ማለትም የትንሹ ግማሽ ነው። ለጀማሪ ይህ ደረጃ ሳይሆን ግድግዳ ነው። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የብረቶቹ ነበር።

መላውን ያገኘነው ከሃይላንድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የባዶው ፕላስቲክ ክብደት ከቁም ነገር አይገባም። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተን በየጣሳው አንድ አንድ በካላማዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርገን ስናስር 18 የነበረው 20 ሆነ። ላላ ብሎ ከተንጠለጠለ ግን እየተወዛወዘ ሚዛን ያስታል። አንዴ አንዱ ክዳኑ ላልቶ ውሃው ሲፈስ፣ ብረቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን ያወቅነው ልጁ ከተንገዳገደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግራና ቀኝ ሰው ሳይቆም ማንም ብረት ትከሻው ላይ አያደርግም።

ሕጋችን አጭር ነው። በ3 ዙር 8፣ 8፣ 8 ትጀምራለህ። ኪሎው ሳይነካ ድግግሞሹን ታሳድጋለህ። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞላ 2 ኪሎ ጨምረህ ወደ 8 ትመለሳለህ። ቂጥ ዱካውን ካልነካ ስኳቱ አይቆጠርም። የሚቆጥረውና የሚጽፈውም ሠሪው ሳይሆን ጓደኛው ነው። ይህን ያመጣነው አንድ ጎበዝ በትልቁ ብረት «15» ብሎ ስለጻፈ ነው። ዱካ ስናስቀምጥለት 15ቱ 6 ሆነ። ለ2 ቀን አኩርፎኝ ነበር።

የጤፍ አጨዳው ሰሞን ደብተሩ ባዶ ነው፤ ግማሹ ልጅ ማሳ ላይ ነበር። በደንብ የተያያዝነው ከገና በኋላ ነው። የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የስኳት ገጽ እነሆ፤ ሁሉም በ18 ኪሎ ነው።

| ሳምንት | ቀን | ዙር 1 | ዙር 2 | ዙር 3 | ድምር |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | ሰኞ | 8 | 8 | 7 | 23 |
| 1 | ሐሙስ | 9 | 9 | 8 | 26 |
| 2 | ሰኞ | 8 | 8 | 7 | 23 |
| 2 | ሐሙስ | 10 | 10 | 9 | 29 |
| 3 | ሰኞ | 9 | 8 | 8 | 25 |
| 3 | ሐሙስ | 12 | 11 | 10 | 33 |
| 4 | ሰኞ | 9 | 9 | 8 | 26 |
| 4 | ሐሙስ | 12 | 12 | 12 | 36 |

ከላይ ወደ ታች በተርታ ካነበባችሁት ልጅቷ አንዴ ትወጣለች፣ አንዴ ትወርዳለች። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። «ሰኞ ሰኞ ትለግሚያለሽ» ብያት አውቃለሁ። ዝም አለችኝ። ሐሙስን ከሐሙስ፣ ሰኞን ከሰኞ ሳስተያይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሐሙስ 26፣ 29፣ 33፣ 36 እያለ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሰኞም ቀስ ይበል እንጂ ወደ ላይ ነው። ጉልበቷ እያደገ ነው፤ ሰኞ ግን የሆነ ነገር ይይዛታል።

የሌሎቹን ደብተር ሰብስቤ አንድ ማታ አገላበጥኩ። የከተማዎቹ ልጆች ሰኞና ሐሙሳቸው እምብዛም አይለያይም። ሰኞ የሚወርዱት ቤት ተከራይተው የሚማሩት የገጠር ልጆች ናቸው። ያኔ ገባኝ። እነዚህ ልጆች ቅዳሜ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። የሳምንት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሽሮና በርበሬ በጀርባ፣ ዳገቱን ቁልቁለቱን በእግር። ብጠይቃት «4 ሰዓት ያስኬዳል ቲቸር» አለችኝ። በተለይ ቁልቁለት በሸክም ሲወረድ የጭን ጡንቻ አካሉን እየገታ ስለሚሠራ፣ በማግስቱ የሚያሳምመው እሱ ነው። እኔ ሰኞ 10 ሰዓት ላይ ስኳት ሥሪ የምላት በዚያ ጭን ነው። ትለግሚያለሽ ስላልኳት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እዚህም ደግሜዋለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሰኞን ለፑሽ አፕና ለክንድ ሰጠነው፣ ስኳትን ወደ ማክሰኞ አዛወርነው፣ ሐሙስ ባለበት ቀረ። «አስተያየት» የሚል አንድ ዓምድም ጨመርን። እዚያ ላይ «ስንቅ»፣ «እንቅልፍ አጣሁ»፣ «ጉንፋን» እያሉ ይጽፋሉ።

5ኛው ሳምንት ላይ 20 ኪሎ ያዘች። 8፣ 8፣ 8 ሠርታ ደብተሩን ይዛ መጣች። ክብደቱን በድግግሞሹ አባዝታዋለች። ባለፈው ሐሙስ 36 ጊዜ 18፣ 648 ኪሎ። ዛሬ 24 ጊዜ 20፣ 480። «ቲቸር፣ ወደ ኋላ ሄድኩ እኮ!» ሂሳቧ ልክ ነው። ነገር ግን ኪሎ በጨመረ ቁጥር ድምሩ የሚወርደው ሕጋችን ራሱ ወደ 8 ስለሚመልሰን ነው። መወዳደር ያለበት የ20ው 8 ከ18ቱ 8 ጋር ነው። በ18 ኪሎ የመጀመሪያዋ ቀን 3ኛው ዙር 7 ላይ ቀርቶባት ነበር፤ በ20 ግን 8 ሞላች። ገጹን ገልጬ አሳየኋት። ትንሽ አሰብ አድርጋ የድምሩን ስሌት በእርሳስ አጠፋችው።

ሁዳዴ ሲገባ ኪሎ መጨመር አቆምን። ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ያው ኪሎ፣ ከ3 ዙር 2 ዙር ብቻ። በዚያ ሰሞን የሷ ገጽ 20 ኪሎ ላይ ቆሞ ይታያል፤ አልወጣም፣ አልወረደምም። ከፋሲካ በኋላ ወደ 3 ዙር ተመለስን። 22፣ 24 እና 26 ኪሎን አንዳንዱን በ2 ሳምንት፣ አንዳንዱን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ጨረሰች።

26 ኪሎ ማለት በትንሹ ብረት ላይ 8 ሃይላንድ ታስሮ ነው። ማሰሪያው ከሥራው በላይ ጊዜ ይፈጅ ጀመር። በሰኔ መጀመሪያ ሐሙስ ሁሉንም ፈታችና ትልቁን ብረት አስነሳች። ጓደኛዋ ቆጥራ ጻፈች፦ 27 ኪሎ፣ 8፣ 8፣ 6። አስተያየቱ ዓምድ ላይ «ሃይላንድ የለም» ይላል።