የጥያቄ ቁጥር 14 መልስ ሁለት ነው
ግልጽ ደብዳቤ ለፈተና ዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ፣ ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። ሁለት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አንዱ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፣ ሌላው የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስለዚህ አሁን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

የማታ ተማሪዎች የታሪክ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ትምህርት ያቋረጠችው በ1983 ሲሆን የተመለሰችው ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ነው። ማታ ክፍል ስትገባ እጇ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ ደብተሯን እንዳታቆሽሽ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው የምትገልጠው። በታሪክ 49 አግኝታ ወደቀች። የጎደላት 1 ነጥብ ነው።

ያቺ 1 ነጥብ የሄደችው በጥያቄ ቁጥር 14 ነው። ጥያቄው የዓድዋ ጦርነት መቼ እንደተካሄደ ይጠይቃል። ኤ ላይ 1888፣ ሲ ላይ 1896 ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ አቆጣጠር የሚል አንዲት ቃል የለም። እሷ ኤን መረጠች። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ልጅ ሆና በአማርኛ የተማረችው ይህንኑ ነው። የመልስ ቁልፉ ግን ሲ ብቻ ይላል።

የቀን ተማሪው መጽሐፉን ዓመቱን ሙሉ ስለያዘ ፈረንጁን ቁጥር ያውቀዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግን የአገሩ አቆጣጠር ነው። «8 ቀንሱ ብለህ አስተምራቸው» ተብያለሁ፣ ከራስዎ ቢሮ። 8 ሁልጊዜ አይሠራም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው። ባቡሩ እዚሁ ድሬዳዋ የደረሰው በዲሴምበር 1902 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 1895። 8 የቀነሰ ተማሪ 1894 ብሎ የገዛ ከተማውን ታሪክ ይሳሳታል።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 38 ተማሪ ተፈትኗል። በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉትን 12 እና ከታች ያሉትን 12 ለየሁ። ከላይኞቹ ሲን የመረጡት 3 ብቻ ናቸው፣ 9ኙ ኤ ብለዋል። ከታችኞቹ ሲን የመረጡት 5 ናቸው። ጎበዙ እየሳተው ደካማው የሚያገኘው ጥያቄ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁልፉ ነው። ይህን እርስዎም ያውቁታል፣ የፈተና አዘገጃጀት ሥልጠና ላይ የሚሰጥ ነገር ነው። 38 ሰው ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ጥያቄውን ተመልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ቁጥር 14ን ደግሞ አንዴ ያነበበ ሰው ችግሩን ያየዋል። ከመታተሙ በፊት አንድ የማታ መምህር ቢያየው ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር።

«ለትላልቆቹ ፈተና ይቅለል ትላለህ» የሚለኝ አለ። አላልኩም። ይህችው ተማሪ በዜግነት ትምህርት ፈተና ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ብላ ተሳስታለች። አንቀጽ 62 እና 83 ሥልጣኑን የሰጡት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጥያቄው ግልጽ ነበር፣ መልሱም አንድ ነው። እዚያ ላይ ነጥቧን መውሰዳችሁ ልክ ነው፣ እሷም አምናበታለች።

ዓመተ ምህረት ከጠየቃችሁ አቆጣጠሩን ጻፉ። ከዚያ የተሻለም አለ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኗል። ሁለቱን ሐሳብ ወረቀቱ ላይ አስፍራችሁ «ልዩነቱ ኢትዮጵያን ምን ያሳጣት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ቅመም ሻጯ «ብትፈልግ በእኔ በኩል ግዛ እና ከእኔ ሌላ እንዳትገዛ አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው ገበያዬን ወሰደብኝ» አለች። ይህን የሚያህል መልስ ከቀን ክፍሎቼም ብዙ አልሰማሁም። እናንተ ግን ይህን ጠይቃችኋት አታውቁም።

ለእርማቱ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በቁጥር 14 ኤም ሲም ይያዝ፣ የ38ቱም ውጤት እንደገና ይደመር። ኤ ብላ ለተቀጣችው ሴት 50 ይሆንላታል። የድጋሚ ምዝገባው ሳይዘጋ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ እሷ ለምዝገባው ከቅመም ሽያጯ ላይ ብር መቀነስ ጀምራለች።

አንድ የማታ ታሪክ መምህር
ድሬዳዋ