ገጽ 118 ላይ ለቆምሽው ልጄ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 22

እንዴት ነሽ እማዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ክረምት ሲገባ እንደምታውቂው ነው። ትንሹ ወንድምሽም ፈተናውን ጨርሶ አሁን ሥራው እንቅልፍ ብቻ ሆኗል።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደወለች። ስለ ሥራሽ ነገረችኝ፣ ስለ አበላልሽ ነገረችኝ፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅቷ ማንበብ ትታለች» አለችኝ። መጋቢት ላይ በልደትሽ የሰጠሁሽ ልቦለድ ራስጌሽ እንደተቀመጠ ሦስት ወር ሆኖታል አለች። ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። የአውቶቡስ ትኬት ገጽ 118 ላይ ተሰክቶበታል። ከፍታ አይታዋለች፤ አክስትሽን መቼም ታውቂያታለሽ። ባለፈው ሳምንት ስጠይቅሽ ግን «ጨረስኩት አባዬ፣ ደስ ይላል» ነበር ያልሽኝ።

አልተቆጣሁም። ማለቴ፣ ማታ ተቆጥቼ ነበር። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ ስቀመጥ በረደልኝ። አንድ ሰውዬ የደንገል ታንኳውን አቁሞ ውሃውን ያንጠፈጥፍ ነበር። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ካላደረቁት አይሄድም። እዚያው ቁጭ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

አሰልቺ መጽሐፍ መተው ነውር አይደለም። ያላነበብሽውን አንብቤዋለሁ ማለት ነው ነውሩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እልሻለሁ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ መጽሐፉን ትተሽ ራስሽን ጠይቂ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታነቢው? ከሥራ ገብተሽ፣ በልተሽ፣ ስልክሽን አንድ ሰዓት ነካክተሽ፣ ዓይንሽ ሲከደን ከሆነ ማንም ደራሲ አያነቃሽም። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ሌላ ክፍል ትተሽ አሥር ገጽ አንብቢ። ቀጥሎ ድሮ የወደድሽውን አንድ መጽሐፍ አውጪና ሁለት ገጽ አንብቢ። እሱም ካሰለቸሽ ጥፋቱ የልቦለዱ አይደለም፤ የደከምሽው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ መጽሐፉ ላይ አትፍረጂ፤ ተኚ።

የድሮው ሕያው ሆኖ አዲሱ ብቻ ከሞተብሽ ግን ወደ እሱ እንምጣ።

ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንድ የታወቀ ደንብ አላት። ሃምሳ ገጽ አንብቡ፣ ካልያዛችሁ ተዉት ትላለች። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ከመቶ ይቀንስ፣ የቀረውን ያህል ገጽ ያንብብ ነው የምትለው። እኔ 63 ነኝ፤ ስለዚህ 37 ገጽ ይበቃኛል ማለት ነው። እናትሽ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ «አንተማ ሽፋኑን አይተህም ትተዋለህ» አለችኝ። ደንቡ ደስ ይላል፣ ግን ሁሌ አይሠራም። 120 ገጽ ባለው መጽሐፍና 430 ገጽ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ሃምሳ ገጽ አንድ አይደለም።

ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጀምር ሁሉ አሰልቺ አይደለም። በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቢው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ፈልጎ የገባ አንባቢ መጀመሪያ የሚያገኘው የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። እኔ ተማሪ ሆኜ እዚያ ላይ አዛግቼ ነበር። ነገር ግን ያ የወላጆቹ ስለት ነው ኋላ ልጁን አንቆ የሚይዘው። ደራሲው እያዘገመ ገመዱን እያሰረ ነበር።

ታዲያ ገመድ የሚያስረውንና ዝም ብሎ የሚያዘግመውን በምን ትለያለሽ? እኔ በሁለት ጥያቄ ነው የምለየው። መጽሐፉን ከደንሽ በእጅሽ ጻፊ፦ ሰውየው ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ሠላሳ አርባ ገጽ ሄደሽ ደግመሽ ጻፊ። መልሱ ከተለወጠ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ታሪኩ እየሄደ ነው። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆነ ቆሟል።

በአንቺው መጽሐፍ ሞከርኩት። ከመጽሐፍ አዟሪ ሌላ ቅጂ ገዛሁ፣ 350 ብር። (እናትሽ አታውቅም።) ገጽ 71 ላይ ጻፍኩ፦ «ሰውየው የአባቱን ቤት ይፈልጋል፤ ወንድሙ ከለከለው።» ገጽ 118 ላይ ጻፍኩ፦ «ሰውየው የአባቱን ቤት ይፈልጋል፤ ወንድሙ ከለከለው።» በመሃል ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። በየቀጠሮው ያው ዳኛ፣ ያው መነጽር፣ ያው ዝናብ። ልጄ፣ አልተሳሳትሽም። አርባ ሰባት ገጽ ሙሉ መጽሐፉ ቆሞ ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ቀረኝ። እናቲቱ። ገጽ 20 ላይ ገብታ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ደራሲው ረስቷት ነው ወይስ እያስቀመጣት? ይህ ጥያቄ ከያዘሽ ለመቀጠል ምክንያት አለሽ። ካልያዘሽ የለሽም። «ገንዘብ ወጥቶበታል» ምክንያት አይሆንም፤ ብሩ ብታነቢውም ባታነቢውም ሄዷል። «አባዬ ይከፋዋል» ጭራሽ ምክንያት አይደለም።

ከተውሽው እንዲሁ አትወርውሪው። የመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፊ። «አሰልቺ ነው» አትበይ፤ እሱ ምንም አይናገርም። እንዲህ በዪ፦ «ገጽ 118፣ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አቆምኩ። ከገጽ 71 ወዲህ ነገሩ አልተለወጠም። የእናትየዋ ዝምታ ግን ያጓጓል።» ከታች ቀኑን፣ ከዚያ «ሌላ ጊዜ» ወይም «በቃኝ»። ሁለቱ ይለያያሉ። «ሌላ ጊዜ» ያልሽ ከሆነ ሰዎቹን በሁለት መስመር አስቀምጪ፤ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ሳታውቂ ከዓመት በኋላ ተመልሰሽ አትገቢም።

ገጹን በተለይ ጻፊ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የዘጌውን ጓደኛዬን ታስታውሺዋለሽ። ቡና እያመጣ «የኔ ቀበጥ» የሚልሽ። በ1986 አብረን እናስተምር በነበረበት ጊዜ ልቦለድ ጽፎ በታይፕ አስመትቶ ሰጠኝ፣ 280 ገጽ። ገጽ 60 ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱም ወሰደኝ። ከዚያ ተውኩት። በወሩ መጣ። ሐይቁ ዳር፣ ዛሬ የተቀመጥኩባት ዛፍ ሥር፣ «እህስ?» አለኝ። «ግሩም ነው» አልኩት። «መጨረሻውስ?» አለኝ። «መጨረሻውማ ልብ ይነካል» አልኩት።

አቀፈኝ ልጄ።

የቡና ድርሻውን ሸጦ አንድ ሺህ ቅጂ አሳተመ። አልተሸጠም። ካርቶኖቹ እናቱ ቤት ተቀምጠው ምስጥ በላቸው። እሱ ካረፈ በኋላ ሚስቱ አንድ ቅጂ ሰጠችኝና በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከገጽ 55 እስከ 90 አንድ የድግስ ወግ ነበር፤ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን የት እንደተቀመጠ። ገጽ 94 ላይ ሰዎቹ በሌሊት፣ በነፋስ፣ በታንኳ ሐይቁን ሲያቋርጡ ጽፏል። እንደዚያ ያለ ነገር ስለ ጣና አላነበብኩም። ድግሱን ቢያወጣው ኖሮ! ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎች አንብበውለት ነበር፤ እነሱም «ግሩም ነው» ብለውት ነበር። እነሱም የት እንደቆሙ ማን ያውቃል? አንዳችን «ገጽ 60 ላይ ተኛሁ» ብንለው መቀሱን ያነሣ ነበር። ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። ዋሸሁት።

ስለዚህ ያላነበብሽውን አንብቤዋለሁ አትበይ። ለደራሲም፣ ለጓደኛም፣ ለእኔም።

ወደ ነገራችን። የምትቀጥዪ ከሆነ ጥያቄሽን በወረቀት ጽፈሽ ትኬቱ ቦታ ላይ ሰኪው። ሙግቱን መዝለል ትችያለሽ፣ ማንም አይከስሽም። ከየምዕራፉ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አንብበሽ ማለፍ ነው። የዘለልሽውን ግን «ከዚህ እስከዚህ ዘለልኩ» ብለሽ ጻፊ። ደግሞ መጽሐፉ ነፍስ የዘራበትን ገጽ ምልክት አድርጊ። ስትጨርሺ ወደ ዘለልሽው ተመልሰሽ እይው፤ ሳታነቢው ምን ጎደለብሽ? ምንም ካልጎደለ እሱንም ጻፊ። ሌላ አርባ ገጽ ሞክረሽ መልሱ ያው ከሆነ ደግሞ ዝጊው፣ ያለ ጸጸት።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ስሰጥሽ «ግሩም መጽሐፍ ነው» ብዬሽ ነበር አይደል? አላነበብኩትም ነበር። አዟሪው ሲያሞግሰው ሰምቼ፣ ሽፋኑን ወድጄ ነው የገዛሁት። አክስትሽ ስትከስሽ መጀመሪያ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ልምዱን ከእኔ ነው የወረስሽው።

አክስትሽን አትቆጪያት። እሁድ ደውዪላት፣ ነገረችኝ እንዳትያት። የላክንልሽን በርበሬ ፀሐይ ስትወጣ አስጪው፣ ዘንድሮ እርጥበቱ መጥፎ ነው። ጋቢሽን ወንድምሽ ሐምሌ ሲመጣ ያመጣልሻል። መጽሐፉን የምትተዪ ከሆነ ጽፈሽበት ለእሱ ስጪው፤ የጻፍሽውን ማየት እፈልጋለሁ።

እኔ ገጽ 203 ደርሻለሁ። ከ160 እስከ 171 ዘልያለሁ፣ ጽፌዋለሁ። እናቲቱ ተናግራለች፤ ምን እንዳለች አልነግርሽም።

አባትሽ