ስለ አያትሽ የሠርግ ገጽ

ውድ ልጄ፣

ለቤተሰባችን መታሰቢያ መጽሐፍ ያዘጋጀሽውን የአያትሽን የሠርግ ገጽ ተመለከትሁት። የመረጥሻቸው ስድስቱም ፎቶዎች መግባት የሚገባቸው ናቸው፤ ሆኖም አያትሽ ብቻዋን የተነሣችው ፎቶ የገጹን ግማሽ ሲይዝ፣ በመልሱ ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰልፎ የተነሣው ፎቶ ከጥግ ተሸጉጦ ቀርቷል። የፎቶውን መጠን በውበቱ ሳይሆን በውስጡ ባሉት ፊቶች ብዛት ወስኚ። አንድ ፊት በጠባብ ቦታም ይለያል፤ ብዙ ሰው የቆመበት ፎቶ ግን እያንዳንዱ ፊት ቢያንስ የትንሿን ጣት ጥፍር ካላከለ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ገጹ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ተዪና የቀረውን 26 ሴንቲ ሜትር ቁልቁልም አግድምም በአራት ክፈዪው፤ በመካከላቸው የ4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲቀር እያንዳንዱ ካሬ 6.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የመልሱ ፎቶ ከላይ በግራ ሦስት ካሬ በወርድ፣ ሁለት ካሬ በቁመት ሲይዝ 19.4 በ12.8 ይመጣል። ይህ ከተለመደው የ3 ለ2 የፎቶ ቅርጽ ጋር ለጥቂት ብቻ ስለሚለያይ፣ ከዳር የቆመ ዘመድ አይቆረጥም። በስተ ቀኙ አያትሽና ሚዜዎቿ በየካሬያቸው ከላይና ከታች ይቀመጡ። በግርጌ በግራ ያሉትን አራት ካሬዎች ለስቱዲዮው ፎቶ ስጪው፤ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተከረከመ ነውና ሳትቆርጪው መሐል ላይ አሳርፊው፤ ዙሪያው ባዶ ቢቀር ምንም አይደለም። የዳሱ ጭፈራ ሁለት ካሬ በወርድ ይበቃዋል፤ ከላይ ሸራው፣ ከታች መሬቱ ቢቀነስ የሚጎድል ሰው የለም። ከሥሩ አንዱን ካሬ ለቤቱ ደጃፍ፣ የመጨረሻውን ለጽሑፍ አድርጊው። (አፕሊኬሽኑ የሚያቀርብልሽን አበባና ልብ ግን እባክሽ ተዪው።)

የመልሱን ፎቶ የላክሽልኝ በቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ ሲላክ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ በ19.4 ሴንቲ ሜትር ጥርት ብሎ እንዲታተም ግን ወደ 2,300 ፒክስል ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንድምሽ ስካን ያደረገውን ዋናውን እንደ ፋይል እንዲልክልሽ ጠይቂው።

መግለጫዎቹን በተመለከተ፣ «አያቴ»፣ «አክስቴ» ብለሽ አትጻፊ፤ የልጅሽ ልጅ ሲያነበው የማን አያት እንደሆነች አያውቅም። ስም፣ ቦታና ዓመት ይበቃሉ፤ ለመልሱ ፎቶ ብቻ ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ በየረድፉ ዘርዝሪ። ከፎቶው ጀርባ በእጅ የተጻፈው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ «ዓ.ም.» ብለሽ እንዳለ አስፍሪው፤ ካሜራ ራሱ ያተመው ቀን ካለ ግን «እ.ኤ.አ.» ጨምሪበት፤ አለዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛባል።

ከኋላው ረድፍ በስተ ቀኝ የቆመችውን ሴት እኔም አላወቅኋትም። አክስትሽን ጠይቄ እስክነግርሽ ድረስ የስሟን ቦታ ክፍት ተዪው።

አባትሽ