ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ፦ የጂኦግራፊና ቱሪዝም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ያሳለፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ከጅማ ተነስቶ ደቡብ ኦሞ ቱርሚ የሚደርስ የጥናት ጉዞ ከተሞቹን በምን ቅደም ተከተል ይያዛቸው? ካርታ ብቻ ቢሆን መልሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ችግሩ፣ የምንፈልጋቸው ከተሞች በደንብ የሚታዩት በገበያ ቀናቸው መሆኑ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ምን እንደምትመስል የሰማ የጅማ ልጅ በገበያ ቀንና በሌላ ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሥራው የተጀመረው በአንድ ሰንጠረዥ ነው። ከላይ ከሰኞ እስከ እሑድ ሰባቱ ቀናት፣ በግራ በኩል ከተሞቹ። ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ይገበያል፤ ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፤ ኮንሶም እንደዚሁ ሰኞና ሐሙስ። ቀይ አፈር ሐሙስ ነው። የጂንካ ዋናው ገበያ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ደግሞ ሰኞ ነው። ዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከዲመካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አልዱባ ደግሞ ማክሰኞ ትገበያያለች። ሰንጠረዡ ሲሞላ ዓይን መሄድ ያለበት ብዙ ምልክት ወዳለበት ረድፍ ሳይሆን አንድ ብቻ ወዳለበት ነው። ቀይ አፈር፣ ጂንካና ቱርሚ ካመለጡ የሚመለሱት ከሳምንት በኋላ ነው። አልዱባም አንድ ቀን ብቻ ቢኖራት ከዲመካ ማክሰኞ ጋር በአንድ መንገድ ስለምትያዝ ለብቻዋ ቦታ አያሻትም። ስለዚህ እነዚህ ሦስቱ መጀመሪያ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ሁለት ቀን ያላቸው ከተሞች በመካከላቸው ይገባሉ።

የአብዛኞቹ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዕቅድ ግን እንዲህ አልነበረም። ቅዳሜ መነሳትና ሁልጊዜ ቀጥሎ ወዳለው ቅርብ ከተማ መሄድ ነበር። ቅዳሜ ሶዶ፣ እሑድ አርባ ምንጭ፣ ሰኞ ኮንሶ፣ ማክሰኞ ቀይ አፈር፣ ረቡዕ ጂንካ፣ ሐሙስ ዲመካ፣ ዓርብ ቱርሚ። በካርታ ላይ ይህ መስመር እንከን የለውም፤ አንድ ኪሎ ሜትር አይባክንበትም። ሰንጠረዡ ላይ ሲቀመጥ ግን በቀኑ የተገኘው ኮንሶ ብቻ ነው። ዲመካ ማክሰኞ ገበያ ላይ እያለች ተጓዡ ቀይ አፈር ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ቀይ አፈር ሐሙስ ስትገበያይ እሱ ዲመካ ገብቷል።

መድኃኒቱ ከተሞቹን ማተራመስ አልነበረም። ያንኑ መስመር ይዞ የመነሻውን ቀን ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ማዛወር ነው። ሰኞ ከጅማ ተነስቶ ሶዶ ማደር። ማክሰኞ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ የጨንቻ መገንጠያ የሚገኘው ከአርባ ምንጭ በፊት በመሆኑ፣ በዚያው ወደ ደጋው ወጥቶ ገበያውን ማየት ይቻላል። አርባ ምንጭ ገብቶ አድሮ በማግስቱ ጨንቻን ልይ የሚል ሰው ግን ያንኑ ዳገት ለማግኘት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ገበያውም ያመልጠዋል። ረቡዕ ጠዋት ጫሞ ሐይቅ፣ ከሰዓት ኮንሶ። ሐሙስ ቀይ አፈር። ዓርብ ጂንካ ገብቶ ሙዚየሙን አይቶ ማረፍ፣ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ።

ከዚህ በኋላ ነው ካርታውና ቀኑ የሚጣሉት። ከጂንካ ቱርሚ ለመድረስ ወደ ቀይ አፈር ተመልሶ ወደ ደቡብ መታጠፍ ግድ ነው፤ ዲመካ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ከቱርሚ በፊት ትገኛለች። በቅርበት ቢሆን ዲመካ ትቀድማለች። ነገር ግን የዲመካ ቅዳሜ ከጂንካ ቅዳሜ ጋር ይጋጫል፤ እሑድ ደግሞ ገበያ የላትም። ስለዚህ እሑድ ዲመካን ዝም ብሎ አልፎ ቱርሚ ማደር፣ ሰኞ የቱርሚን ገበያ ማየት፣ ማክሰኞ በመመለሻው ዲመካ ላይ መቆም ነው የሚሻለው። ከቱርሚ ዲመካ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አልዱባም የምትገበያየው በዚያው ማክሰኞ፣ በዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ቀን ይያዛሉ። የቀረበውን አልፎ የራቀውን ማስቀደም እዚህ አንድም ተጨማሪ መንገድ አያስከፍልም፤ በዚያ መንገድ መመለስ አስቀድሞም የማይቀር ነበርና።

አንድ ቡድን ተቃራኒውን አቅጣጫ አስልቶ አመጣ። ዓርብ ከጅማ መነሳት፣ ቅዳሜ ጨንቻ፣ ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ፣ በመመለሻው ሰኞ ዶርዜ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ገበያዎቹን ይይዛል፣ የሚፈጀውም ያው 12 ቀን ነው። ድክመቱ ትርፍ ጊዜው የተቀመጠበት ቦታ ነው። እሑድ ከአርባ ምንጭ ቱርሚ በአንድ ቀን መግባት አለበት፤ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ጎርፍ መንገድ ቢዘጋ የሰኞው ገበያ አለቀ። በአንጻሩ ረቡዕና ዓርብ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። በኛ ዕቅድ ግን ከቀይ አፈር ሐሙስ በፊት አዳሩ ኮንሶ ነው፤ የቀረው ወደ ወይጦ ቆላ ወርዶ እንደገና መውጣት ብቻ ነው፤ ረፋዱ ላይ ይደረሳል። ለጂንካና ለቱርሚም አዳሩ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ ለሚገኝ ገበያ ዋዜማው አዳር ቅርብ መሆን አለበት፤ ክበቡ ማንኛውንም ዕቅድ ሲያርም መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ሰዓቱም ከቀኑ እኩል ይታሰባል። ሻጮቹ ከየመንደራቸው በእግር ስለሚመጡ ገበያው የሚሞላው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። በ2 ሰዓት የደረሰ ሰው ጥቂት ሴቶች የማር ቅላቸውን ከትከሻቸው ሲያወርዱ ያያል እንጂ ገበያ አያይም። ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ፍየል የሸጠው ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ማክሰኞ ከዲመካ ከ7 ሰዓት ተኩል በፊት መነሳት ያስፈልጋል፤ አልዱባ ሳይበተን ለመድረስም፣ ሳይመሽ ኮንሶ ለመግባትም።

ርቀትን በኪሎ ሜትር የጻፉ ሁሉ በሰዓት እንዲጽፉ የተገደዱት በመጀመሪያው ቀን ምክንያት ነው። ከጅማ በጭዳ ሶዶ የሚወስደው መንገድ የጎጀብንና የኦሞን ሸለቆዎች ወርዶ ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ርቀት እዚህ ሙሉ ቀን ይበላል። ጉዞው በክረምት ቢሆን በእኛ በኩል ዝናቡና ጉሙ የበረታ ነው፤ የኦሞ ቆላ ግን ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በበልግ ነውና ያን ጊዜ ደረቅ ያለ ነው። ስለዚህ የመዘግየት ስጋቱ የሚያይለው መጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ሰኞ ሶዶ ሳይገባ ቢቀር የሚጎዳው የማክሰኞው ጨንቻ ነው፤ ጨንቻ ቅዳሜም ቢገበያይ በዚያ ቅዳሜ ተጓዡ ጂንካ ነው። ምትኩ ዶርዜ ነው። ረቡዕ ከኮንሶ ወደ አርባ ምንጭ ተመልሶ፣ ሐሙስ ወደ ሶዶ ሲወጣ በዚያው በጨንቻ መገንጠያ ገብቶ የዶርዜን ገበያ ያገኛል፤ ዓርብ ጅማ ነው።

በዚህ የተጎዳችው ኮንሶ ናት። ሁለት ጊዜ ብናድርባትም ሁለቱም አዳር ከገበያዋ ቀን ውጭ ነው፤ የመመለሻው ሐሙስ ለዶርዜ ተሰጥቷል። ክበቡ ይህን አውቆ ነው የመረጠው። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖችና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮች የገበያ ቀን አይጠብቁም፤ ረቡዕ ጠዋትም እዚያው ናቸው። ቀን የማይጠይቅ ነገር ያላት ከተማ ቀኗን ለሌላ መልቀቅ ትችላለች።

የመጨረሻው ሰንጠረዥ በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከቀኖቹ ጎን ባዶ ዓምድ አለ፤ ከመነሻው አንድ ሳምንት በፊት ወደየከተማው ተደውሎ ገበያው በበዓል ምክንያት አለመዛወሩ ሲረጋገጥ የደወለው ተማሪ ፊርማ የሚያርፍበት ነው። መጀመሪያ የሚደወለው ወደ ቀይ አፈር ነው።