ያልፈላው ጠመኔ፦ የኬሚስትሪ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ ሲጻፍ የአባላት ቁጥር ይቀድማል። እኛ ጥቅምት ላይ 31 ነበርን፣ ግንቦት ላይ 19 ቀረን። የቀረውን ቦታ አንድ ጠመኔ ይውሰደው፤ ዓመቱን ሙሉ ያሠራን እሱ ነውና።

በሁለተኛው ስብሰባችን ለአዲስ ገቢዎች ትንሽ ትርኢት ላሳይ ብዬ ከሰሌዳው ሥር ነጭ ጠመኔ አነሳሁና አቼቶ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩት። «አሁን ይፈላል፤ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» ብዬም አወጅኩ። ከጠመኔው ቀዳዳዎች ጥቂት የአየር አረፋዎች ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ፀጥ። አቼቶው ቀጥኖ ይሆናል ብዬ ሎሚ ጨመቅንበት። ያው ነው። ከኋላ ወንበር አንዷ «ቲቸር፣ ጠመኔው ኤክስፓየር አድርጎ ይሆን?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ለሃያ ዓመት «ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው» እያልኩ ሳስተምር አንድም ቀን በሰሌዳው ጠመኔ ሞክሬው አለማወቄ ከነከነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ይህችው ልጅ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ከእናቷ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በቢላ የፋቀችው ነጭ ቅርፊት ነበር። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ይህን የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የሎሚ ጭማቂ ጠብ ስታደርግበት ወዲያው አረፋ ደፈቀ። እንግዲያው አሲዱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው ጠመኔው ጋ ነው ማለት ነው። አንድ ጠመኔ ፈጭተን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅነው፤ ከዚያ በቴስት ቲዩብ አድርገን በእሳት ስናሞቀው ከላይ ባለው ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ጤዛ ተንጠባጠበ። ደረቅ የመሰለው ዱቄት በውስጡ ውሃ ይዞ ነበር። ይህ የጀሶ ጠባይ ነው። ከመሬት የሚቆፈረው የተፈጥሮ ጠመኔ በእርግጥ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በእጃችን የነበረው የሰሌዳ ጠመኔ ግን በቅርጽ የተጋገረ ጀሶ፣ ማለትም ካልሲየም ሰልፌት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ የሁለቱን የሟሚነት ልክ ከመጽሐፍ አወጣና ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፈ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከጀሶ ሁለት ግራም ከምናምን ያሟሟል፤ ከካልሲየም ካርቦኔት ግን 14 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ። ይህም ከመቶ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። «ታዲያ በውሃ ቶሎ የሚሟሟው በአሲድ እምቢ ያለ፣ በውሃ እምቢ ያለው በአሲድ የሚጠፋው ለምንድን ነው?» አለ። የክበቡ ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ጥያቄ ሆነ።

መልሱን ለማግኘት ድንጋይ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል የሚለውን ሐሳብ መተው ነበረብን። ከካልሲየም ካርቦኔቱ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ካልሲየም አዮንና ካርቦኔት አዮን ይለቀቃሉ፤ ሁልጊዜም ተገናኝተው ወደ ድንጋዩ ይመለሳሉ። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን «አይሟሟም» እንላለን። አሲድ ሲመጣ የሚይዘው ካልሲየሙን አይደለም፣ ካርቦኔቱን ነው። አንድ የሃይድሮጅን አዮን ሲይዘው ባይካርቦኔት ይሆናል፤ ሁለተኛ ሲጨመርበት ካርቦኒክ አሲድ ይሆንና ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበተናል። ጋዙም አረፋ ሆኖ ይሄዳል። ካልሲየሙ የሚመለስበት አጣማሪ ያጣል፤ ድንጋዩ ግን መልቀቁን አያቆምም።

አንዱ አባል ይህን በባጃጅ መሰለው፦ ካርቦኔት ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ሊመለስ ሲል ባጃጅ ይዞት ይሄዳል። ምሳሌውን ወደድኩት፤ ግን አንድ ነገር አስተካከልንበት። ባጃጁ ሁሉንም መንገደኛ አይጭንም። ካርቦኔት ሃይድሮጅን ይወዳል፣ ምክንያቱም የእሱ አሲድ፣ ካርቦኒክ አሲድ፣ ደካማ ነው፤ ደካማ አሲድ ማለት ሃይድሮጅኑን አጥብቆ የሚይዝ ማለት ነውና። ሰልፌት ግን የጠንካራው የሰልፈሪክ አሲድ ልጅ ነው። አሲዱ በርትቶ ፒኤች ወደ 2 ካልወረደ በቀር ብዙው ሰልፌት ሃይድሮጅን ሳይዝ ይቀራል፤ ቢይዝም ጋዝ ሆኖ አይሄድም። ስለዚህ አቼቶ ውስጥ የገባው ጀሶ በውሃ ውስጥ ከገባው እምብዛም የተለየ ዕጣ አልነበረውም።

ፒኤች የሚወስነው እንግዲህ ምን ያህሉ ካርቦኔት «እንደ ካርቦኔት» እንደሚቆይ ነው። ፒኤች 10.3 ላይ ካርቦኔቱና ባይካርቦኔቱ እኩል ለእኩል ናቸው። 8.3 ላይ ካርቦኔት ሆኖ የሚቀረው ከመቶ አንድ ያህል ነው። የሎሚ ፒኤች ደግሞ ከ3 በታች ስለሆነ እዚያ ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። የማንቆርቆሪያው ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በኖራ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ድንጋዩን በባይካርቦኔት መልክ አሟሙቶ ያመጣል። ስናፈላው ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ካርቦኔቱ ተመልሶ ይፈጠርና ብረቱ ላይ ይጋገራል። ልጅቷ በቢላ የፋቀችው ማንቆርቆሪያው ላይ ተመልሶ የተሠራ ድንጋይ ነበር።

ከጥር በኋላ ወደ ሃይድሮክሳይዶች ተሻገርን። የዘገየነው ያዘዝነው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ወር ስለፈጀ ነው፤ አቅራቢውን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ሦስት ቴስት ቲዩቦች ውስጥ የብረት፣ የመዳብና የማግኒዝየም ጨው አደረግን፤ ሦስቱም በሊትር 0.01 ሞል። ብረቱ ሦስት ቻርጅ ያለው ነው። ከዚያ ቤዙን በጠብታ እየጨመርን በየመሃሉ በፒኤች ወረቀት ለካን። ብዙዎቹ ልጆች ሁሉም 7 ላይ ይዘቅጣሉ ብለው ገምተው ነበር። ብረቱ ፒኤች 2 አካባቢ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ደፈረሰ። መዳቡ 5 እስኪያልፍ ጠርቶ ቆየና ውሃ ሰማያዊ ዝቃጭ ሰጠ። ማግኒዝየሙ 7ትን፣ 8ትን፣ 9ኝን እንደ ውሃ ጠርቶ አለፈ፤ ወደ 10 ሲጠጋ ነው ወተት የመሰለው።

እዚህ የባጃጅ ምሳሌ ይበልጥ ይቀላል፤ አሲዱ የሚወስደው ሃይድሮክሳይዱን ራሱን ነው፣ ወስዶም ውሃ ያደርገዋል። ፒኤች በአንድ ደረጃ ሲወርድ ሃይድሮክሳይድ አሥር እጥፍ ይቀንሳል። መዳብ ለመዝቀጥ ሁለት ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈልግ ውሃው ሊይዝ የሚችለው መዳብ አሥር ጊዜ አሥር፣ መቶ እጥፍ ያድጋል። ሦስት የሚፈልገው ብረት ደግሞ ሺህ እጥፍ። በዓይን የሚታየውም ይኸው ነው፤ በደፈረሰው መዳብ ላይ አሲድ በጠብታ ስንጨምር ለተወሰኑ ጠብታዎች ምንም አልሆነም፣ ከዚያ በአንድ ጠብታ ሰማያዊው ደመና ጥርት አለ። ልጆቹ አምስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሁለት ነገር ግን ከመስመር ወጣብን። አሉሚኒየም የጨመሩት ቡድን ነጩ ዝቃጭ ከወጣላቸው በኋላ ቤዙን ማቆም ረስተው ቀጠሉና «ቲቸር፣ ተበላሸ፣ ጠፋ!» አሉ። አልተበላሸም። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ በሁለቱም ጫፍ ይሟሟል፤ ቤዝ ሲበዛ ተጨማሪ ሃይድሮክሳይድ ይዞ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። ዚንክም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው፣ የብረቱን ዝቃጭ ለሳምንት አስቀምጠን አሲድ ስንጨምርበት ትኩስ ሳለ በደቂቃ የሚጠፋው ለቀጣዩ ቀን ተረፈ። ሲያረጅ አዮኖቹ ጠበቅ ብለው ይደረደራሉ። ፒኤች የት ድረስ እንደሚሟሟ ይነግረናል እንጂ መቼ እንደሚያልቅ አይነግረንም። ይህን እኔ ራሴ ለተማሪ ማስረዳት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው።

መጋቢት ላይ የሚወጣውን ጋዝ በሚዛን ለመያዝ ሞከርን። 2 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት 0.02 ሞል ነው፤ ያን ያህል ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.88 ግራም ይመዝናል። አሲዱ በቂ እንዲሆን በሊትር 1 ሞል የሆነ 50 ሚሊሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወሰድን፤ 40 ይበቃ ነበር። የመጀመሪያው ቡድን ዱቄቱን በአንዴ ገለበጠውና አረፋው እስከ ጠርሙሱ አንገት ወጣ። ሚዛኑ 1.31 ግራም ጠፋ አለ። ከ0.88 በላይ ከጠፋ ጋዝ ብቻ አይደለም የሄደው። ሲደግሙት ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ከአፉ በላይ ያዙ፤ ወረቀቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ታዩ፣ አሲዱ እየተረጨ ነበር። ሁለተኛው ቡድን አፉን በጥጥ ደፍኖ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ ጨመረ፤ 0.71 አገኘ። አሁን ደግሞ አነሰ። ጥቂቱ ጋዝ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ቀርቷል፤ ሌላው ከአየር ስለሚከብድ ጠርሙሱ ውስጥ ተኝቷል። ጠርሙሱን እያወዛወዙ፣ በደብተር እያራገቡ ግማሽ ሰዓት ሲቆዩ 0.86 ደረሰ። እዚያ ላይ አቆምናቸው፤ ደወል ተደውሎ ነበር።

ግንቦት ላይ ለወላጆች በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ከከተማው ዳር ያመጣነውን የኖራ ድንጋይ አቀረብን። አንዱ ጠጠር በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየፈላ ሟሞ አለቀ። ሌላውን እኔ ራሴ ባቀጠንኩት የባትሪ አሲድ፣ ማለትም በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አደረግነው። ለጥቂት ደቂቃ ፈላና ቆመ። አንድ አባት «አሲዱ አለቀ» አሉ። የፒኤች ወረቀት ነከርንላቸው፤ ደማቅ ቀይ ሆነ፣ አሲዱ እንዳለ ነው። ባጃጆቹ ደጃፉ ላይ ተሰልፈው መንገደኛው አልወጣም ማለት ነው። ድንጋዩን በመቆንጠጫ አውጥተን አጥበን በቢላ ስንፍቀው ነጭ ሽፋን ተነሳለት፤ መልሰን ስንከተውም እንደገና ፈላ።

ሰውየው «ሽፋኑ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ያቺ የማንቆርቆሪያዋ ልጅ ቃል ሳትመልስ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ አንድ ጠመኔ አንስታ መጥታ ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠችላቸው።