ቦርሳው በር ሥር፣ ጀሪካኑ ጥግ ላይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የልጅ ልጄስ፣ ጉንፋኑ ተሻለው?

ይህን የምጽፍልሽ ባለፈው ቅዳሜ ቤትሽ መጥቼ ያየሁት ከልቤ ስላልወጣ ነው። መብራት ከሄደ ግማሽ ቀን ሆኖት ነበር። እጄን ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ቤት ውስጥ የነበረሽ አንዲት ሃይላንድ ውሃ ናት፤ እሷም ተጋምሳለች።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለሽው። መብራት ሲሄድ ፓምፑም ይቆማል። ሮቶው ውስጥ የቀረውን ጎረቤት ሁሉ ባንዴ ስለሚቀዳው ሳይመሽ ያልቃል። ስለዚህ ከሻማ በፊት ውሃ አስቢ።

ለአንድ ሰው፣ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ፣ በቀን አራት ሊትር ያዢለት። ሦስት ናችሁ፤ ለሦስት ቀን 36 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ግዢና ሙዪ። ዘይት ወይም ናፍጣ የነበረበትን ግን እንዳትወስጂ፣ ምንም ቢያጥቡት አይለቅም። ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ አስቀምጪው። በየወሩ በማርያም ዕለት ደፍተሽ አዲስ ሙዪ። በድሮው ውሃ ልብስ እጠቢ። ለሽንት ቤት ደግሞ ትልቁ ባልዲ ሁሌ ይሙላ።

ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ደፍርሶ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ከውጭ ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል። መጀመሪያ አስጠልይው፣ ከዚያ በንጹሕ ነጠላ አጥልይው፣ ከዚያ አፍይው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠረፍ እንዳለው ውሃ 100 አይደርስም። ስለዚህ አንዴ ተንተከተከ ብለሽ አታውርጂው። ተንተክትኮ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። በስልክሽ ሰዓት ቁጠሪ።

ምድጃሽ የኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ማፍላት ለማትችይበት ቀን አንድ ጠርሙስ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይኑርሽ። ልኩን ከላዩ ላይ ከተጻፈው አንብቢ፣ ከጨመርሽ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቂ። በየሱቁ በሃይላንድ እየቀዱ የሚሸጡትን በረኪና ግን ለሚጠጣ ውሃ እንዳትጠቀሚ፤ ጥንካሬው ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ከሰል ደግሞ በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ አታያይዢ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም። ጭሱ ስለጠፋ፣ ፍሙ ስለቀላ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ልጁን ይዘሽ ወዲያው ውጪ።

አሁን ወደ ቦርሳው ልምጣ። ታኅሣሥ 2017 ላይ የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲያወዛውዘን ትዝ ይልሻል? ያን ሌሊት እኔ በባዶ እግሬ ነው የወረድኩት። የያዝኩት ሊዘጋ የደረሰ ስልክ ብቻ ነበር። ደጅ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ጋቢዋን ለሁለት አካፈለችኝ።

አንቺ የልጁን የድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውሰጂ። በሶና ቆሎ ክተቺበት፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ ይበጠበጣል። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ የልጁ መድኃኒት፣ ለራስሽ ሞዴስ፣ አንድ ጋቢ። የፋይዳችሁን፣ የልደት ካርዱንና የቤቱን ውል ኮፒ በፌስታል ጠቅልለሽ ጨምሪ፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ቢመጣም አይረጥብም። ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብር አይሠራምና ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ዘርዝረሽ ያዢ። ስልክ ቢዘጋም እንዲገኙ የእሳት አደጋን 939፣ የቀይ መስቀልን 907ና የእኔን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ።

የሁላችሁም ጫማ አልጋ ሥር ይደር። መስታወት ከተሰበረ በባዶ እግር ከክፍሉ መውጣትም ያቅታል። ሲንቀጠቀጥ ግን ወደ ደረጃው አትሩጪ። ልጁን ይዘሽ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ። ሲቆም ቦርሳውን አንሺና ውረዱ።

ሞልተሽ ስትጨርሺ ቦርሳውን ተሸክመሽ፣ ልጁን ታቅፈሽ አንዴ እስከ ምድር ቤት ውረጂ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ካረፍሽ ከብዷል፣ ቀንሺለት። መጀመሪያ ትርፍ ልብሱን አውጪ፣ ውሃውን አትንኪ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። በሶውን እኔ ፈጭቼ አመጣልሻለሁ፤ ጀሪካኖቹን ግን ሞልተሽ ጠብቂኝ።

እናትሽ