ጉዳዩ፦ የዶላሬ ዋጋ በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት ስለሆነብኝ የቀረበ ቅሬታ

ለመተግበሪያው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ባላችሁበት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ 22,000 ዶላር የሚያወጡ አክሲዮኖቼን ሸጥኩ። የሸጥኩት አፓችሁ ላይ በሚታየው ዋጋ ነው። ኮሚሽን አልተቆረጠም፤ ደረሰኙ ዜሮ ይላል። ገንዘቡም ወደ ሌላ ምንዛሪ አልተቀየረም። 22,000 ዶላር ሆኖ ዶላር ሒሳቤ ውስጥ ገባ። ከሽያጩ በፊት የፖርትፎሊዮዬ ጠቅላላ ድምር 65,000 ዩሮ ነበር። ከሽያጩ በኋላ ገጹን ሳድሰው 64,820 ሆኗል። 180 ዩሮ የት ገባ?

180 ዩሮ ሀብታም አያደርግም፣ ደሃም አያደርግም። ግን ምንም ሳይሆን የጠፋ ገንዘብ እንቅልፍ ይነሳል። መጀመሪያ የተደበቀ ክፍያ መስሎኝ ለእናንተ ጻፍኩ። በማግስቱ የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ «የምንዛሪ ገበያ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ድምሩ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።» ይህን ረጅም ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ አጭር መልስ ነው።

ገበያው መለዋወጡን አልካድኩም። ግን በአንድ ስክሪን ላይ፣ በአንድ ቅጽበት፣ አንዱ ዶላር ከሌላው ዶላር ሊረክስ አይችልም። በአፓችሁ ላይ ግን ረክሷል። ያልሸጥኩት ሌላ የዶላር አክሲዮን አለኝ፤ 5,500 ዶላር ያወጣል። ከጎኑ የተጻፈው የዩሮ ዋጋ 5,000 ነው። እዚያው ከስሩ የዶላር ጥሬ ገንዘቤ አለ፤ 22,000 ዶላር፣ በዩሮ 19,819.82 ይላል። አፑ የተጠቀመበትን ተመን አያሳይም። ቢሆንም ዶላሩን ለዩሮው ማካፈል ብቻ ይበቃል፦

```
5500 / 5000      = 1.10
22000 / 19819.82 = 1.11
```

ሁለት የዶላር መስመር፣ ሁለት ተመን። በ1.10 ቢሰላ ኖሮ ጥሬ ገንዘቡ 20,000 ዩሮ ይሆን ነበር። የጎደለኝም ልክ ያ ልዩነት ነው፤ 180 ዩሮ። (ቁጥሮቹን ለንባብ እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ። ትክክለኛዎቹ አባሪ ባደረግኳቸው ስክሪንሾቶች ላይ አሉ።)

ታዲያ 1.11 ከየት መጣ? ትንሽ ቆፈርኩ። ያ ቁጥር ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዕለታዊ የማመሳከሪያ ተመን ጋር ገጠመልኝ፤ የገጠመው ግን ከማክሰኞው ጋር አይደለም፣ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከወጣው ጋር ነው። እንደምገምተው አክሲዮኖችን የምትመነዝሩት በየሰከንዱ ከሚመጣው የገበያ ተመን ነው። ጥሬ ገንዘቡን ደግሞ በቀን አንዴ ከምታወርዱት ሰንጠረዥ። ያ ሰንጠረዥ ሐሙስ ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል፤ ማንም አላየውም። ከገጹ አናት ላይ ግን «በቀጥታ ተመን የተሰላ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ እስካሁን ይብለጨለጫል።

የዕለታዊ ተመን ችግር የለብኝም። የማዕከላዊ ባንኩ ተመን በሥራ ቀን አንዴ ይወጣል፣ ባንኩ ራሱም ለመረጃ ብቻ ነው ይላል። ለወር መጨረሻ ሪፖርት ደህና አድርጎ ያገለግላል። ቅዳሜና እሑድ ተመኑ ባይንቀሳቀስም አልቆጣም። ገበያው ዓርብ ከኒው ዮርክ ሰዓት አቆጣጠር 5 ፒኤም ጀምሮ እስከ እሑድ 5 ፒኤም ዝግ ነው፤ የሌለ ዋጋ አምጡ አልልም። አፑ የሚያሳየው የመሸጫና የመግዣ ተመን አማካይ መሆኑንም አውቃለሁ። ገንዘቡን በእውን ብመነዝረው ትንሽ አንሶ ነው የሚደርሰኝ። ይሁን። የማልቀበለው የሐሙስን ተመንና የማክሰኞን ተመን በአንድ ድምር ውስጥ መቀላቀልን ነው። እንዲህ ያለ ድምር የሐሙስም አይደለም፣ የማክሰኞም አይደለም። የትኛውም ሰዓት ላይ ያ ገንዘብ ኖሮኝ አያውቅም።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። ካልኩሌተሩን አንዴ ካነሳሁ ብዬ የትርፍና ኪሳራውን ዓምድም አየሁት። እዚያ ያገኘሁት የባሰ ነው።

የጃፓን አክሲዮኖች አሉኝ። ስገዛቸው 3,000,000 የን ከፍያለሁ። የኑን ያገኘሁት በዚያው ቀን ዩሮ መንዝሬ ነው፤ አንድ ዩሮ በ125 የን። ስለዚህ ከኪሴ የወጣው 24,000 ዩሮ ነው። ደረሰኙ እናንተው ጋ አለ። ዛሬ አክሲዮኖቹ 3,300,000 የን ያወጣሉ። አንድ ዩሮ ደግሞ 165 የን ሆኗል። ቁጥሩ ስላደገ የኑ የጠነከረ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ አንድ ዩሮ ለማግኘት ብዙ የን መክፈል ግድ ሆኗል፣ የኑ ረክሷል ማለት ነው። 3,300,000 ለ165 ሲካፈል 20,000 ዩሮ ይመጣል።

24,000 ከፍዬ 20,000 ያለኝ ሰው 4,000 ዩሮ ከስሬያለሁ። አፓችሁ ግን በአረንጓዴ ቀለም «ትርፍ 1,818 ዩሮ፣ 10 በመቶ» ይለኛል።

እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። የግዢ ዋጋዬን የምታስቀምጡት በየን ብቻ ነው፤ በገዛሁበት ቀን የነበረውን ተመን አታስቀምጡም። ከዚያ የድሮውን 3,000,000 የን በዛሬው 165 ትመነዝሩና 18,182 ዩሮ ታደርጉታላችሁ። 18,182 ዩሮ ከፍዬ አላውቅም! ዛሬ ያለውን ዋጋ በዛሬ ተመን መመንዘር ልክ ነው። የዚያን ቀን ወጪ ግን በዚያን ቀን ተመን ታስሮ መቅረት አለበት። የቀጥታ ተመን ያለፈውን ወጪ የመነካካት ሥልጣን የለውም።

ባልደረባችሁ በስልክ «በየን ስናየው እኮ 10 በመቶ አትርፈዋል» አሉኝ። በየን ለሚኖር ሰው እውነት ነው። እኔ ግን የሪፖርት ምንዛሪዬን ዩሮ ብዬ መርጫለሁ፤ ያንን ምርጫ የሰጣችሁኝ እናንተው ናችሁ። ቀጥለውም የአክሲዮኑን 10 በመቶ ጭማሪና የየኑን 24.2 በመቶ ቅናሽ ደምረው፣ ኪሳራው 14.2 በመቶ ቢሆን ነው አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ሁለቱ ለውጦች ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፦

```
1.10 * 125 / 165 = 0.833
```

ከመቶው የቀረኝ 83.3 ነው፤ ኪሳራው 16.7 በመቶ። 24,000 ዩሮ በዚህ ሲባዛ ቅድም ያልኩት 20,000 ይመጣል።

አሁን ወደ ማክሰኞው ሽያጭ ልመለስ። የሸጥኳቸውን የዶላር አክሲዮኖች ለምን እንደሸጥኩ ልንገራችሁ። አፓችሁ 1.9 በመቶ ብቻ እንዳተረፉ ስላሳየኝ ነው። የየኖቹ 10፣ የዶላሮቹ 1.9። ማን ነው ደካማው? ደካማውን አሰናብቼ ጠንካራውን ያዝኩ። የመሰለኝ እንደዚያ ነበር።

ደረሰኞቼን አውጥቼ ደግሜ ስሠራው የዶላሮቹን የገዛሁት በ21,600 ዶላር ነው፣ አንድ ዩሮ 1.20 ዶላር በነበረበት ቀን። ወጪዬ 18,000 ዩሮ። ስሸጣቸው በማክሰኞው የገበያ ተመን 20,000 ዩሮ ያወጡ ነበር። ትርፌ 11.1 በመቶ። የዶላሩ መጠንከር ያመጣልኝን አፑ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው፣ የየኑ መርከስ የወሰደብኝን ደግሞ ደበቀው። አንደኛውና መጨረሻው ቦታ ተቀያየሩ። ትክክለኛውን ባውቅ ኖሮ ላልሸጥ እችል ነበር፣ ልሸጥም እችል ነበር። ያ የኔ ውሳኔ ነው። ግን ውሳኔውን የወሰንኩት በተሳሳተ ቁጥር ላይ ቆሜ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ላመስግናችሁ። የለንደን አክሲዮኖች ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በፓውንድ ሳይሆን በፔንስ ነው። ይህን የሚስት አፕ የደንበኛውን ሀብት በአንድ ሌሊት መቶ እጥፍ ያደርገዋል። ከእናንተ በፊት የነበርኩበት ቦታ ለአንድ ቀን ሚሊየነር አድርጎኝ ነበር። እናንተ ያንን አስተካክላችኋል። ያን ያህል መጠንቀቅ የሚችል ቡድን ይህንንም አያቅተውም ብዬ ነው የምጽፈው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ድምሩ ሲሰላ ለሁሉም መስመሮች፣ ጥሬ ገንዘቡንም ጨምሮ፣ በአንድ ቅጽበት የተወሰደ አንድ የተመን ስብስብ ተጠቀሙ። የየንና የዩሮን ተመን በዶላር በኩል የምታገኙት ከሆነም ሁለቱም ተመኖች፣ የዩሮና የዶላሩም የዶላርና የየኑም፣ የአንድ ቅጽበት ይሁኑ፤ አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር፣ አንድ ዶላር 150 የን ሲሆን 1.10 በ150 ተባዝቶ 165 የሚሰጠው ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ነው። ተመኑንና የተወሰደበትን ሰዓት ከድምሩ ስር ጻፉት። ተመኑ ካረጀ አረንጓዴው ጽሑፍ ይጥፋና «የሐሙስ ተመን» ይበል፤ አልከፋም።

ለትርፍና ኪሳራው ደግሞ የእያንዳንዱን ግዢ ተመን ከግዢው ጋር አስቀምጡ። በሁለት የተለያየ ቀን የተገዛ አክሲዮን ሁለት ተመን ይኑረው። ከአክሲዮኑ የመጣውንና ከምንዛሪው የመጣውንም ለይታችሁ አሳዩ። የኔን የየን አክሲዮን ውሰዱ፦ ከዋጋው 1,818 ዩሮ ትርፍ፣ ከምንዛሪው 5,818 ዩሮ ኪሳራ፣ ሁለቱ ሲቻቻሉ 4,000 ዩሮ ኪሳራ። ሦስት ቁጥር ነው። ይህን የሚያይ ሰው አክሲዮኑ እንዳልበደለው፣ የበደለው የኑ መሆኑን ያውቃል። ይሽጥ አይሽጥ የሚለውም ያኔ ሌላ ጥያቄ ይሆናል።

ለእኔ በግል የተስተካከለ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ከመጀመሪያው ግዢዬ ጀምሮ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። የተጠቀማችሁበት ተመን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ተጽፎ ይምጣ፤ እኔም አካፍዬ ላረጋግጥ። «ገበያው ስለሚለዋወጥ» የሚል ሁለተኛ መልስ ግን እባካችሁ አትላኩልኝ።

አባሪ፦ 4 ስክሪንሾቶች፣ 2 የግዢ ደረሰኞች፣ 1 የሽያጭ ደረሰኝ

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ